ስልኩ ተሽጧል፣ አካውንቱ ግን አልተሸጠም

ወደ ጥገና ሱቃችን የመጣው አይፎን ምንም አልተሰበረም። ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ባትሪውም ደህና ነው። ሲበራ ግን `iPhone Locked to Owner` ይላል። ከሥሩ ደግሞ በነጥቦች የተሸፈነ ኢሜይል አለ፦ `d•••••@icloud.com`።

የገዛችው ሴት ከእኛ በፊት ሌላ ጥገና ቤት ወስዳዋለች። "ፍላሽ እናደርገዋለን፣ ይከፈታል" ብለው ገንዘብ ተቀበሏት። ፍላሽ አደረጉት፤ አልተከፈተም። ቀጥለው "እንግዲህ ባይፓስ ነው የሚያዋጣው" ብለው ሌላ ክፍያ ሲጠይቋት ስልኳን ተቀብላ ወጣች።

ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። ፍላሽ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ስልክ የሚጠግን ሰው ይህ ቁልፉን እንደማይነካው ያውቃል። አክቲቬሽን ሎክ የሚባለው ይህ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር የመጣ ነው። ቁልፉ የተቀመጠው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን አፕል ሰርቨር ላይ ነው። የስልኩ ባለቤት የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን `Find My` ሲያበራ ስልኩ በእሱ አካውንት ስም እዚያ ይመዘገባል። ስልኩ ተደምስሶ እንደ አዲስ ሲነሳ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝና ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሰርቨሩ "ባለቤት አለው" ካለ፣ ነገሩ እዚያው ይቆማል። መቶ ጊዜ ፍላሽ ቢደረግም መልሱ ያው ነው።

ባይፓስ የሚሉትም አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ስክሪኑን ያሳልፋል እንጂ ምዝገባውን አይሰርዝም። ስልኩ ሪስቶር ሲደረግ ቁልፉ ይመለሳል። እስከዚያም ቢሆን በአይክላውድ እንደ ልብ መጠቀም አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ሲሙም አይሠራም። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ደንበኛን መዝረፍ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስልኩ የተሰረቀ መሆን አለመሆኑን ነው። ባለቤቱ ስልኩን ጠፍቶብኛል ብሎ `Lost Mode` ውስጥ አስገብቶት ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ መልእክትና የሚደወልበት ቁጥር ይታይ ነበር። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ሥራችን ወደዚያ ቁጥር መደወል ብቻ ነው። ይሄኛው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። `Remote Management` የሚል ጽሑፍም አላየሁም። እሱ ቢኖር ስልኩ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ የሚፈታውም የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ነው። እንግዲህ የቀረው የድሮውን ባለቤት ማግኘት ነው።

"ደረሰኝ አለኝ እኮ" አለችኝ። ያላት ግን ስልኩን የሸጠላት ደላላ በእጁ የጻፈው ወረቀት ነበር። አፕል በእርግጥ በደረሰኝ ቁልፉን እንዲያነሳ ሊጠየቅ ይችላል። የሚፈልገው ግን ስልኩ አዲስ ሆኖ ሲሸጥ የተቆረጠውን ዋናውን ደረሰኝ ነው፤ የስልኩን ሲሪያል ቁጥር ወይም አይኤምኢአይ የያዘውን። ከሰው እጅ ሲገዛ የሚጻፍ ወረቀት ለፍርድ ቤት ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። ዋናውን ደረሰኝ ሊይዝ የሚችለውም ያው የድሮው ባለቤት ነው።

ደላላው ከብዙ ንትርክ በኋላ የሰውዬውን ቁጥር ሰጣት። "አንተ አናግርልኝ፣ እኔ አላስረዳም" ስትለኝ ደወልኩ።

ራሴን አስተዋውቄ ስለ ስልኩ ገና መናገር ስጀምር ድምፁ ተቀየረ።

"አሁን ፓስወርድህን ንገረኝ ልትል ነው አይደል?"

"አይ ወንድሜ። ፓስወርድዎን ለእኔም ለማንም እንዳይነግሩ።"

"ታዲያ ለምን ደወልክ?"

"ይህን ስልክ ራስዎ ሸጠውት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ካልሸጡት እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፣ መጥተው ይውሰዱት።"

ዝም አለ። ከዚያ ትንሽ ረጋ ብሎ አጫወተኝ። ስልኩን በፈቃዱ ነው የሸጠው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን "የጠፋው አይፎንዎ ተገኝቷል፣ ለማየት ይህን ይጫኑ" የሚል የጽሑፍ መልእክት ከሊንክ ጋር ደርሶታል። ስልኩ አልጠፋበትም፤ ስለዚህ ገርሞት ተወው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሊንኩ የአፕልን ገጽ አስመስሎ በተሠራ ገጽ ላይ ፓስወርድ የሚያስጽፍ ወጥመድ ነው። ፓስወርዱን ያገኘ ሰው ስልኩን ብቻ አይደለም የሚከፍተው፤ ፎቶውን፣ ኢሜይሉን፣ አድራሻዎቹን ሁሉ ይወስዳል። መልእክቱን ማን እንደላከው ማስረጃ የለኝም። መልእክቱ የደረሰው ስልኩ ያ ጥገና ቤት በነበረበት ጊዜ እንደነበር ግን ሴትየዋ ቀኑን አስታውሳ ነገረችኝ።

ሰውዬው እኔን መጠርጠሩ ትክክል ነበር። ስለዚህ ላሳምነው አልሞከርኩም። ያልኩት ይህን ነው፦ "እኔ ሊንክ አልልክልዎትም። ራስዎ ብሮውዘር ከፍተው `icloud.com/find` ብለው ይጻፉ። የሚያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።"

ገባ። ፓስወርዱን ሲጽፍ ገጹ የማረጋገጫ ኮድ ጠየቀው። "ኮዱ የሚመጣው በሸጥኩት ስልክ ነው፣ አለቀ" አለ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። እኛ ግን የምንፈልገው `Find Devices` የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ኮድ ይከፈታል። ምክንያቱም ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ኮዱን በዚያው በተሰረቀው ስልክ መጠበቅ አይችልም። አማራጩ ኮድ ከሚጻፍበት ቦታ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ተጫነው፣ ተከፈተ።

"ዝርዝሩ ውስጥ ምንም አይፎን የለም" አለኝ። "እኔ እኮ ከሸጥኩት በኋላ ፓስወርዴንም ቀይሬያለሁ። እዚህ ጋ የቀረ ነገር የለኝም።"

ፓስወርድ መቀየር ጥሩ ነው፤ አዲሱ ባለቤት አይክላውድ ላይ ያለውን የድሮውን ሰው መረጃ እንዳይነካ ያደርጋል። ቁልፉን ግን አያነሳም። ይሁንና እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። የገባበትን ኢሜይል የመጀመሪያ ፊደልና መጨረሻውን ብቻ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። መጨረሻው `gmail.com` ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ደግሞ `icloud.com` ይላል፣ የሚጀምረውም በ`d` ነው።

"ሌላ አካውንት አለዎት ማለት ነው። ስልኩን መጀመሪያ ሲገዙት ማን ነበር ያስተካከለልዎት?"

"እህቴ" አለ። ከዚያ እንደገና፣ "ኧረ እህቴ ናት የከፈተችልኝ!" አለ።

ሰው በነጥብ የተሸፈነውን ኢሜይል ብዙም ልብ አይለውም። አንድ ፊደልና የአድራሻው ጅራት ግን ለባለቤቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ቁልፍ የያዘው ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጽፈው ያንን ነው።

የዚያን አካውንት ፓስወርድ አያስታውስም። ስልክ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም፤ ሲሙ አዲሱ አንድሮይድ ስልኩ ውስጥ ነው። ይህ ትልቅ እድል ነው፤ ቁጥሩም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ አፕል ማንነቱን እስኪያጣራ ቀናት መጠበቅ ነበረበት። እህቱ ዘንድ ሄዶ በእሷ አይፎን ላይ `Apple Support` የሚለውን አፕ እንዲከፍቱ ነገርኩት። እዚያ ውስጥ ፓስወርድ መቀየሪያው ጋ `Help Someone Else` የሚል አለ፤ ከእሷ አካውንት ጋር ሳይነካካ የእሱን ለማስተካከል ያገለግላል። ኮዱ በሲሙ ይመጣል።

በማግሥቱ ራሱ ደወለልኝ። አዲስ ፓስወርድ አውጥቶ `icloud.com/find` ላይ ገብቷል። አይፎኑ በስሙ ተቀምጧል፤ `Offline` ይላል። "አሁን የቱን ልጫን?" አለኝ። ስልኩ በፍላሹ ቀድሞ ስለተደመሰሰ እንደገና መደምሰስ አላስፈለገም። ያልተደመሰሰ ስልክ ቢሆን መጀመሪያ `Erase` ይደረጋል፤ አለበለዚያ የግል ነገሩ ሁሉ በሰው እጅ ይቀራል። እሱ የተጫነው `Remove This Device` የሚለውን ነው።

እኔ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኘሁት። ቁልፉ የለም። ቋንቋና አገር ጠይቆ ወደ አዲስ አካውንት መክፈቻው አለፈ። ሴትየዋ የራሷን አካውንት እዚያው ፊቴ አስገባች።

ሰውዬው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጠየቀኝ፦ "ስሸጠው ምን ማድረግ ነበረብኝ?" ነገርኩት። `Settings` ውስጥ `General` ተብሎ፣ እስከ ታች ወርዶ `Transfer or Reset iPhone`፣ ከዚያ `Erase All Content and Settings`። እዚያ ላይ የአካውንቱን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ሲጻፍ `Find My` ይጠፋል፣ ቁልፉም አብሮ ይነሳል። ገዢው ፊት ቢደረግ ለሁለቱም ይበጃል።

ለሴትየዋ የነገርኳት ደግሞ ሌላ ነው። ደላላው ሲያሳያት ስክሪኑ ላይ `Hello` ይል ነበር፤ እሷም አዲስ ሆኖ ጸድቷል ብላ ገዛችው። `Hello` የሚል ስልክ ግን ቁልፍ የለበትም ማለት አይደለም። ስልኩ ሰርቨሩን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዋይፋይ ወይም የራስ ስልክ ሆትስፖት ማገናኘትና አካውንት የሚጠይቀው ገጽ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሻጩ "ኢንተርኔት የለም፣ ቤትሽ ጨርሺው" ካለ፣ ስልኩን አስቀምጦ መሄድ ነው።

እኔ ለድካሜ የጠየቅኩት መጠነኛ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን የሠራው ሰውዬው ነው። ለፍላሹ የከፈለችውን ገንዘብ ለማስመለስ ግን ወደዚያ ጥገና ቤት ሄዳ ነበር። "ሥራችንን ሠርተናል" ብለው መለሷት። ፍላሽ ማድረጋቸው እውነት ነው። እንደማይከፈት እያወቁ "ይከፈታል" ማለታቸውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ያ ነው አሁንም ከውስጤ ያልወጣው።