ሞርኒንግ ላይ ኬስ ማቅረብ፦ ቻርቱን ከመጨረሻው መጀመር

ውስጥ ደዌ ክፍል ኢንተርን ሆኜ ከገባሁ ወዲህ በጣም የተለወጠብኝ ነገር ለሞርኒንግ፣ ማለትም የገቡ ታካሚዎች ጠዋት በሲኒየሮች ፊት ለሚቀርቡበት ስብሰባ፣ ኬስ የማዘጋጅበት ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ ቻርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ይዤ እያሳጠርኩ እወርድ ነበር። አሁን መጀመሪያ ቻርቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን አሰስመንት፣ ማለትም የታካሚው ችግር ምን እንደሆነ የሚለውን ድምዳሜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከዚያ ቻርቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር አንስቼ፣ ይህ ባይኖር ዓረፍተ ነገሩ ወይም ሕክምናው ይለወጣል ወይ እላለሁ። የማይለውጠው እዚያው ቻርቱ ላይ ይቀራል።

ሰሞኑን በዱቲ የተቀበልናትን አንዲት ታካሚ ልውሰድ። ማንነቷ እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። የ28 ዓመት ሴት ናት፤ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ቻርቷ ላይ የእህት ወንድሞቿ ጤና፣ የምትጠጣው ውሃ፣ የቤቷ መስኮት ብዛት ሳይቀር ሰፍሯል። ለቻርት ሁሉም ተገቢ ነው። መስኮቱ ግን ሞርኒንግ ላይ የሚነሳው ቲቢ ስንጠረጥር ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሩማቲክ ማይትራል ስቴኖሲስ እንዳለባት የሚታወቅ፣ ወርሃዊ የፔኒሲሊን መርፌዋን ያቋረጠች የ28 ዓመት ሴት፤ በ2 ሳምንት ውስጥ የተባባሰ የትንፋሽ ማጠርና አዲስ የልብ ምት መዛባት ይዛ መጣች።» ይህን የሰማ ሰው የልብ ድካም መሆኑን ወዲያው ይገምታል። ስለዚህ ቀሪው ጥያቄ «ለምን አሁን?» የሚለው ነው። ቫልቩ ለዓመታት ጠብቦ ኖሯል፤ ሴትዮዋ ግን ባለፈው ወር ገበያ ሄዳ ትመለስ ነበር።

የሕመሙን ታሪክ የምቀርጸው በዚህ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲብስበት የሚፈለጉት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ኢንፌክሽን፣ ኤንዶካርዳይተስ፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ መድኃኒት ማቋረጥ፣ የምት መዛባት፣ እርግዝና። «የለም» የምላቸውን ነገሮች የምመርጠው ከዚህ ውስጥ ነው። ትኩሳትና አክታ ያለው ሳል የለም። ፉሮሰማይዷን አላቋረጠችም። መርፌውን ስላቋረጠች የሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ ሊሆን ይችላልና፣ የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሌላትም እናገራለሁ። ሽንት አያቃጥላትም ማለት ግን እዚህ ለማንም ምንም አይነግርም።

ዝርዝሩን ስጨርስ እርግዝና ላይ ደረስኩ። የወር አበባ ታሪኳ ቻርቱ ውስጥ ራቅ ብሎ ተጽፏል፤ ካየች 9 ሳምንት ሆኗታል። የሽንት ምርመራው ፖዚቲቭ ሆነ። ስለዚህ «የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር» የሚለው ከኋላ ተነስቶ ከዕድሜዋ ቀጥሎ ገባ። የቻርትና የሞርኒንግ ቅደም ተከተል የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ቫይታል ሳይን ላይ «ስቴብል» ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ግፊቷ 100/60፣ ትንፋሿ በደቂቃ 34፣ ኦክስጅኗ ያለ ድጋፍ 86% ነው። የልብ ምቷ በስቴቶስኮፕ 140፣ እጅ አንጓ ላይ 112 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አከታትዬ እናገራለሁ፤ ክፍተቱ ኢሲጂ ሳይነሳ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን ይጠቁማል። «ለምን አሁን?» ለሚለውም ዋናው መልስ እሱ ነው። ምቱ ሲፈጥን ልብ የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፤ በጠበበው ቫልቭ ደም ለማለፍ ጊዜ ያጣና ወደ ሳንባ ይገፋል። እርግዝናው ደግሞ ጭነቱን ይጨምራል። ከዚያ አንገት፣ ሳንባ፣ ልብ፣ ጉበት፣ እግር። ሌላው «የተለየ ነገር የለም» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል።

የምዘጋው ውሳኔ በሚፈልግ ጥያቄ ነው። ሌሊት ኦክስጅን፣ ፉሮሰማይድና ሜቶፕሮሎል ጀምረናል። የቀረው ደም ማቅጠኛው ነው። ማይትራል ስቴኖሲስና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አብረው ሲገኙ የተለመደው ዋርፋሪን ነው፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው የእርግዝና ጊዜ ግን ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው ሄፓሪን ይሁን ወይ?

አቀራረቡ መሥራቱን የማውቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሲኒየሩ «ምቷ ስንት ነበር?» ካሉ የጎደለ ወይም የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ቀን ግን ያሉት «ዶክተር፣ ከማህፀን ሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራችኋል?» ነበር። ቀሪው ሰዓት በሄፓሪኑ ክርክር አለቀ።

ዘዴው የሚያስቸግረኝ ምርመራው ባልታወቀ ጊዜ ነው። መተማ እርሻ ላይ ሠርቶ የተመለሰ፣ የ3 ሳምንት ትኩሳትና ያበጠ ስፕሊን ያለው ወጣት ሲመጣ «ካላ አዛር» ብዬ ከጀመርኩ የሁሉም ሐሳብ እዚያው ይታሰራል፤ ወባና ቲቢ ይረሳሉ። እንዲህ ባለው ኬስ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የበሽታ ስም አላስገባም። ምልክቱን፣ ቆይታውንና የነበረበትን ቦታ ብቻ እናገራለሁ፤ ስሙን የማነሳው ላብራቶሪው ከቀረበ በኋላ ነው።