ብሶት ስንጋራ ያለፈን ይርጋ

በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል በምሠራበት ጊዜ፣ ወር በሚዘጋበት ሰሞን እያመሸን ለምንሠራው ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይከፈለንም ነበር። ከአጠገቤ ከምትቀመጠው ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ስንጠጣ ወሬያችን ይኸው ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ መተንፈሱ በእርግጥ ያቀልል ነበር። ውሎ አድሮ ግን አለቃችን ሲናገር፣ ለእሷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ ማዳመጥ ጀመርኩ፤ ክፉ ነገር ያልተናገረ ዕለት የማወራው አጣሁ። በእኔ እምነት ብሶት መጋራት መጉዳት መጀመሩን የሚያሳየው ዋናው ምልክት ይህ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ ችግርን ደጋግሞ አብሮ ማብሰልሰል ጓደኝነትን ከማጥበቅም፣ ከጭንቀትና ከድብርት ምልክቶችም ጋር እንደሚያያዝ አሳይታለች። ያጠናችው ልጆችንና ታዳጊዎችን ቢሆንም፣ እኛም ማቆም ያቃተን ስለተቀራረብንበት ይመስለኛል።

ያከሰረን ግን ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ፣ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሰው ሀብት ኃላፊዋ በጠየቅናት ቁጥር «ይታያል፣ ታገሡ» ትለን ነበር፤ አንድም ቀን በጽሑፍ አልመለሰችልንም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ይርጋውን የሚያቋርጠው አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ጉዳዩ የሥራ ክርክር ለሚያይ አካል ሲቀርብ እንጂ የቃል ተስፋ አይደለም። እኛ ደግሞ «ታገሡ» ስትል የምታወጣውን ድምፅ እያስመሰልን ስንስቅ የወር ደመወዝ ቀኖች አንድ በአንድ እያለፉ ነበር። ማመልከቻ ለመጻፍ ስንቀመጥ፣ አለቃችን የተናገረውን ቃል በቃል ብናስታውስም፣ በየትኛው ምሽት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየን፣ ማን እንዳዘዘን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ወሬ ከመጀመራችን በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዘዘንን ሰው በደብተር እንድንጽፍ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። «አንቺም የእነሱ ሰው ሆንሽ?» ብላ አኮረፈችኝ፤ ለተወሰነ ጊዜም ማኪያቶውን ለየብቻችን ጠጣን። የተመለሰችው ከደብተሬ ላይ ክፍያውን አስልቼ ሳሳያት ነው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ በ1.75 ይታሰባል። ድምሩን ስታይ የራሷንም መመዝገብ ጀመረች።

በሥልጠና ላይ «ስሜታችሁን አውጡት» ይሉናል፤ እኔ አልስማማም፤ ቀን የሌለው ብሶት ለአሠሪው እንጂ ለሠራተኛው አይጠቅምም። የቅርቦቹን ወራት ክፍያ አግኝተናል፣ የቆየው ግን ቀርቷል። ማመልከቻ የምታስገቡ በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ሳታስደርጉ ከቢሮው አትውጡ።