መብራት፣ ሶላርና ጀነሬተር በአንድ የደሴ ቤት፦ የአምስት ዓመት ሒሳብ

ጣሪያዬ ላይ ያሉትን ፓኔሎች ያየ ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሶላር ከመብራት ይረክሳል?» ብሎ ነው። አይረክስም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሦስቱንም እየተጠቀምኩ ወጪያቸውን በደብተር ስይዝ ቆይቻለሁ፤ መብራት እስካለ ድረስ በዋጋ የሚደርስበት የለም። ሶላር መነጻጸር ያለበት መብራት ሲጠፋ ከሚተካው ከጀነሬተር ጋር ነው። ይህ ከገባን ቀሪው ሒሳብ ይቀላል።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ቤቱ በቀን ምን ያህል እንደሚበላ ጻፍኩ። ኤልኢዲ አምፖሎቹ ማታ ማታ ወደ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ቴሌቪዥኑ ከነሪሲቨሩ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል፤ ስልክና ዋይፋይ አንድ ላይ ከአንድ አሥረኛ አይበልጡም። ትንሿ ፍሪጅ፣ የደሴ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በ0.8 ትብቃቃለች። ሲደመር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዱ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በሳምንት ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጋገርበት 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለቀናቱ ሲካፈል በቀን 2 ማለት ነው። የቀረው ቤት ሁሉ ተደምሮ ምጣዱን አያክልም።

ስለዚህ ቤቱን ለሁለት ከፈልኩት። ምጣዱ የመብራት ነው። መብራት ባለበት ሰዓት ይጋገራል፤ ከጠፋም ጓዳ ያለው የማገዶ ምጣድ አለ። ባለቤቴ የመጋገሪያ ቀኗን በመብራቱ ሁኔታ ማስተካከል ለምዳለች። ምጣዱን በሶላር ላሠራ ብዬ ቢሆን ኖሮ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጥ ትልቅ ኢንቨርተር፣ ብዙ እጥፍ ባትሪና ከዚያም በላይ ፓኔል ያስፈልገኝ ነበር፤ ዋጋውም ከአንድ ደመወዝተኛ አቅም በላይ ይሆን ነበር። ሶላር ለሚሸጥላችሁ ሰው ስለ ምጣዱ አስቀድማችሁ ንገሩት። «ሁሉን ይችላል» ካላችሁ የኢንቨርተሩንና የባትሪውን መጠን በቁጥር እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

መጀመሪያ የገዛሁት ጀነሬተር ነበር፤ 2.5 ኪሎቮልት አምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት የቤንዚን ሞተር። ጽሑፉ የባሕር ወለል አቅሙን ነው የሚናገረው። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ አንድ በመቶ ያህል አቅም ያጣል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሩብ ያህሉ እዚያው ይቀራል። 2 ኪሎዋት የተባለው እዚህ 1.5 ላይ ይቆማል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በአንጻሩ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። ካንዴላው በየጊዜው እየጠቆረ ካስቸገራችሁ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ ለከፍታ ቦታ በተሠራች ጠበብ ያለች መቀየር ይጠቅማል። ኮምቦልቻ ወርዶ ደህና የሚሠራ ጀነሬተር ደሴ ላይ የሚንተፋተፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጀነሬተር ትልቁ ችግር ግን ትንሽ ሥራ ስትሰጡት ነው። ምሽት ላይ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ብቻ ሲያንቀሳቅስ ጭነቱ 200 ዋት ነው፤ ሞተሩ ግን በሰዓት 0.6 ሊትር ያህል ያቃጥላል። በአራት ሰዓት 2.4 ሊትር ጨርሶ የሚሰጠው 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ማለት አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሦስት ሊትር ቤንዚን ፈጀ። ቤንዚን ስጀምር በሊትር ከ25 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብር አልፏል። ስለዚህ ያው አምፖልና ያው ቴሌቪዥን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 300 ብር አካባቢ ሆኑ። ያው ሞተር ሙሉ ጭነት ቢሰጠው ከአንድ ሊትር ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣ ነበር፤ ግን የእኛን ምጣድ አይችለውም፣ ለአምፖሉ ደግሞ ይበዛል።

አምስት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ በጀነሬተር ብቻ ብንኖር ምን ይሆን ነበር? ከ4,300 ሊትር በላይ ቤንዚን ነው። በአማካይ በ60 ብር እንኳ ብናስበው ከ250 ሺህ ብር ያልፋል። ሰዓቱ 7,300 ስለሚሆንና የዚህ ዓይነት ትንሽ ሞተር ሁለትና ሦስት ሺህ ሰዓት ከሠራ ስለሚደክም፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጀነሬተር መግዛት ይጨመርበታል። በየ100 ሰዓቱ የሚቀየረውን ዘይት ሳልቆጥር ማለት ነው።

ሶላሩን የተከልኩት በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ባለ 300 ዋት ፓኔል 18 ሺህ፣ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ 20 ሺህ፣ አንድ ሺህ ዋት ኢንቨርተር 9 ሺህ፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር 3,500፣ ሽቦ፣ ብሬከር፣ ብረቱና የባለሙያው እጅ 5,500 ብር ወሰደ። ሲደመር 56 ሺህ። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ መሆኑን አጥብቄ ነው ያረጋገጥኩት፤ በርካሾቹ የፍሪጅ ሞተር ይግላል፣ ድምፁም ይለወጣል።

ፓኔሎቹን ሲያስቀምጡ ብዙዎች በቀጥታ ወደ ደቡብ ያዞሯቸዋል፤ በእኛ ኬክሮስ ይህ ትክክል ነው። የደሴን ነገር የሚያከብደው ጦሳ ነው። ተራራው በስተምዕራብ ስለቆመ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ትሸሸጋለች፤ ስለዚህ የጠዋቱን ብርሃን እንዲያገኙ ፓኔሎቹን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጠምዘዝ አደረግናቸው። ተዳፋታቸው 15 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከዚያ ካነሰ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ የፓኔሉን አንድ ጥግ ብቻ ሲይዝ የጠቅላላውን ኃይል ሲሶ ሊወስድ ስለሚችል፣ ቅርንጫፉን ባለቤቱን ጠይቀን አስቆረጥን።

በበጋ ይህ ሁሉ ከቤታችን ፍላጎት በላይ ያመነጫል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ደመናው ከጦሳ አይወርድም፣ ምርቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በእነዚህ ሌሊቶች ፍሪጇን እናጠፋለን። ጀነሬተሩ ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው፤ ተከታታይ ደመናማ ቀናት ባትሪውን ካዳከሙት፣ ጀነሬተሩ ባትሪ ቻርጀሩን ይዞ ለሁለት ሰዓት ይሠራል። ለባትሪ መሙያ ሲሠራ ጭነቱ ከአምፖሎች ስለሚበልጥ ቤንዚኑ ይሻላል። ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው።

የአምስቱ ዓመት ዋጋ የተወሰነው ግን በፓኔሎቹ አይደለም፣ በባትሪው ነው። ጄል ባትሪ ከኃይሉ ግማሹን ብቻ እየተጠቀሙ መልሰው ቢሞሉት፣ እንዲህ ያለውን መውጣትና መሙላት 1,500 ዙር ገደማ ይችላል። በየምሽቱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እያወጣንበት አራት ዓመት ሲሞላው ደከመ፤ ይህም የተገባለት ዕድሜው ነው። ምልክቱን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። የደከመ ባትሪ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞልቻለሁ ይላል፣ ምሽት ላይ ግን ገና ዜናው ሳያልቅ ወደ 11.8 ቮልት ይወርዳል። ጤነኛው ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት ላይ 12.2 አካባቢ ነበር የምለካው። መለኪያው አነስተኛ ማልቲሜትር ነው፤ ሶላር ያለው ቤት ሁሉ አንድ ቢኖረው እመክራለሁ።

አዲሱን ባትሪ ስገዛ ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 በኋላ ስለነበር ዋጋው ሌላ ነበር። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም 48 ሺህ ብር ከፈልኩ። አምፔሩ ግማሽ ቢሆንም የሚጠቅመው ኃይል ከበፊቱ ጋር ይቀራረባል፤ ሊቲየም እስከ 80 በመቶው ሲወጣበት 3,000 ዙር ያህል ይችላል። ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ እንዳለው ግን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው።

እንግዲህ ሶላሩ በአምስት ዓመት 104 ሺህ ብር ፈጀ፣ ከእሱም 2,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጠቅመናል፤ አንዱ 42 ብር ገደማ ነው። አዲሱ ባትሪና ፓኔሎቹ ገና ብዙ ዓመት ስላላቸው ይህ ቁጥር ወደፊት ይቀንሳል። ምጣዱን ጨምሮ ቤቱ በሙሉ በመብራት ብቻ ቢጠቀም ኖሮ በወር 110 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ብር በታች ነበር፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ቢጨምርም የአምስት ዓመቱ ድምር ወደ 15 ሺህ ብር ነው የሚሆነው። ከመብራት የሚያስፈራው ዋጋው ሳይሆን ቮልቴጁ ነው። ምሽት ላይ ከ220 ወርዶ 170 ሲሆን የፍሪጅ ሞተር ይቃጠላል፤ ከጠፋ በኋላ ሲመለስም በአንዴ ይዘላል። ስታቢላይዘሩ ከፍሪጅ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ያገኘሁትን ባትሪውን ስቀይር በሥራ ላይ አዋልኩት። ከባትሪ የሚወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ፀሐዩ በነጻ ቢሆንም፣ የባትሪውን ዕድሜ ስለሚበላ በአሮጌው ጄል 14 ብር ያህል ያስወጣ ነበር። ስለዚህ አሁን ቀን ቀን ፍሪጇ ከፓኔሉ በቀጥታ ትሠራለች፤ ማታ መብራት ካለ መቀያየሪያውን ወደ መብራት እናዞራለን፣ ባትሪውም ሞልቶ ይጠብቃል። ሲጠፋ ብቻ ሥራውን ይጀምራል።

ለሚጠይቀኝ ሰው የምጠይቀው መልሼ «የእናንተ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ለስንት ጊዜ ይጠፋል?» ብዬ ነው። ለጥቂት ሰዓታት ከሆነ ፓኔል አያስፈልግም፤ መብራት ሲኖር የሚሞላ ባትሪና ባለ ቻርጀር ኢንቨርተር በግማሽ ዋጋ ይበቃል። ለቀናት ከሆነ ያ ባትሪ በሁለተኛው ምሽት ያልቃል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ መብራቱም ቤንዚኑም አብረው ጠፍተው ጀነሬተር ያላቸው ሰዎች ስልካቸውን እንኳ መሙላት አልቻሉም ነበር፤ ከሰፈራችን ሰው ስልኩን ይዞ እየመጣ በእኛ ፓኔል ይሞላ ነበር። የወልዲያና የላሊበላ ዘመዶቼ ከዚያ የረዘመ ጨለማ ስላዩ ፓኔሉን መጀመሪያ፣ ባትሪውን ቀጥሎ ነው የሚገዙት፤ ለእነሱ ቦታ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።