ነጠላቸውን ሲያጣፉ የሚጠፋው የልብ ምት

አንዲት የ68 ዓመት እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቴ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ወደ ልብ ሕክምና ክፍል መጡ። ከስድስት ዓመት በፊት ግራ ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ልብ ሲዘገይ በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ማሽን፣ ፔስሜከር፣ ተቀብሮላቸዋል። ከማሽኑ የሚወጣው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ በደም ሥር ገብቶ ጫፉ ቀኝ የታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ ያርፋል። እንደገቡ የተነሳው ኢሲጂ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ምርመራ፣ ችግር አልነበረበትም። በደቂቃ 60 ምት፣ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ደግሞ የማሽኑን ምልክት የምታሳየው ቀጭን ቀጥ ያለች መስመር፣ ባለሙያዎች ስፓይክ የሚሏት፣ በቦታዋ ነበረች። "ፔስሜከሩ እየሠራ ነው" ተብሎ መዝገብ ላይ ተጻፈና የመውደቃቸው ምክንያት ከስኳርና ከደም ግፊት ዘንድ መፈለግ ጀመረ።

ሌሊቱን ሞኒተሩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱንም ጊዜ እማማ ተነቃንቀው ነበር፤ መስመሩም ተንቀጥቅጦ ነበርና ተረኛዋ ሲስተር ደረታቸው ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ ላልቶ ነው ብላ አጥብቃ ለጠፈችው። ከተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ይህ የሚያስወቅስ ግምት አይደለም፤ እንዲህ ያለ የውሸት ጩኸት በየሌሊቱ አለ።

ጠዋት ተረኛ የሆነችው ሲስተር ቀኝ እጃቸውን ይዛ የደም ሥር ምታቸውን ስትቆጥር እማማ በግራ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው ወደ ትከሻቸው አጣፉ። በዚያች ቅጽበት ከጣቷ ሥር ያለው ምት ጠፋ። ሞኒተሩ ጮኸ፣ የእማማ ዓይን ፈዘዘ፣ "እማማ! እማማ፣ ይሰሙኛል?" ስትል እጃቸው ወደ አልጋው ወረደ፣ ምቱም ተመለሰ። ሲስተሯ ቀና ብላ ጣታቸው ላይ የተሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ሞገድ አየች። እሱም ለዚያው ያህል ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ቆይቷል። የሌሊቱን ጥያቄ የሚፈታው ይኸው ነው። የላላ ኤሌክትሮድ የኢሲጂውን መስመር ሊያበላሽ ይችላል፣ የጣትን የደም ሞገድ ግን ሊያጠፋ አይችልም። ሁለቱ አብረው ከጠፉ ደሙ ራሱ አልደረሰም ማለት ነው።

ሞኒተሩ ያስቀረው ወረቀት ታተመ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ስለሚሄድ አምስት ትልልቅ ሣጥን አንድ ሰከንድ ነው። ከመጨረሻው ምት እስከሚቀጥለው 22 ትልልቅ ሣጥን ተቆጠረ፤ 4.4 ሰከንድ መሆኑ ነው። በመካከሉ የላይኛው የልብ ክፍል የሚሠራቸው ትንንሽ የፒ ሞገዶች በደቂቃ 90 በሚሆን ፍጥነት ስድስት ጊዜ ተደርድረዋል፣ አንዳቸውም ግን ወደ ታች አላለፉም። ስፓይክም የለም። ማሽኑ የተሞላው በደቂቃ ከ60 በታች እንዳይወርድ ነው፤ ስለዚህ በየሰከንዱ አንዴ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ መተኮስ ነበረበት። ዝም አለ።

ስፓይክ ወጥቶ ምት ባይከተለው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ማሽኑ ተኩሷል፣ ልብ ግን አልመለሰም፤ የሽቦው ጫፍ ከቦታው ተንሸራቷል፣ ወይም ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጨምሮ የልብ ጡንቻ ደንዝዟል ይባላል። ያለ ቦታዋ፣ ልብ ራሱ ከመታ በኋላ ወዲያው የምትወጣ ስፓይክ ደግሞ ማሽኑ የልብን ምት አለመስማቱን ትናገራለች። የእማማ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም። ስፓይክ በሚጠበቅበት ቦታ ከሌለ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ ወይ ኤሌክትሪኩ አልወጣም፣ ወይ ማሽኑ ሌላ ነገር ሰምቶ "ልብ መታ" ብሎ ተቀምጧል።

ሁለተኛው እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚገባው የማሽኑ አሠራር ሲታወቅ ነው። የእማማ ፔስሜከር VVI በሚባለው አሠራር የተሞላ ነው፦ የታችኛውን ክፍል ይተኩሳል፣ የታችኛውን ክፍል ያዳምጣል፣ ከሰማ መተኮሱን ይተዋል። ውስጡ አንድ ሰዓት አለ። ምት በሰማ ወይም በተኮሰ ቁጥር ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፣ 1000 ሚሊሰከንድ ምንም ሳይሰማ ከሞላ ይተኩሳል። አንዱ ሽቦ ለሁለቱም ሥራ ነው። ሲተኩስ ለምሳሌ 2.5 ቮልት ለ0.4 ሚሊሰከንድ ይለቃል፤ ልብ የሚመልስበት ትንሹ መጠን 1 ቮልት ከሆነ ይህ ከእጥፍ በላይ መጠባበቂያ ይሰጣል። ሲያዳምጥ ደግሞ በጫፉ የምትደርሰውን የልብን የራሷን ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊቮልት በላይ ናት። ማሽኑ 2 ሚሊቮልት ላይ ከተሞላ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ እንዳልሰማ ያልፋል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ማሽኑን ያደነቁረዋል እንጂ ጆሮውን አያሰላውም።

እንግዲህ ሽቦው ውስጥ ያለው የብረት ክር ተሰብሮ ጫፎቹ ሲፋተጉ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ከ2 ሚሊቮልት ቢበልጥ ማሽኑ ከልብ ምት አይለየውም። እያንዳንዱ ፍትጊያ ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ብዙ የሚሰማ ማሽን ጥቂት የሚተኩስ ማሽን ነው። ማሽኖቹ የማያቋርጥ ጫጫታ ሲገጥማቸው ማዳመጥ ትተው በጭፍን የሚተኩሱበት መከላከያ አላቸው፤ ቆም ቀጠል የሚል ጫጫታ ግን ያንን መከላከያ ላያስነሳው ይችላል።

ማሽኑን የሚያነበው ኮምፒውተር፣ ፕሮግራመሩ፣ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ማግኔት ግን ነበር፤ እንደ ዳቦ ቀለበት መሐሉ ክፍት የሆነው። ማግኔት ፔስሜከር ላይ ሲያርፍ ማሽኑን አያጠፋውም፣ ማዳመጡን ብቻ ያስተወዋል፤ ከዚያ በኋላ ልብ መታ አልመታ በተወሰነ ፍጥነት ይተኩሳል። ፍጥነቱ እንደ አምራቹ ይለያያል። የልብ ንዝረት የሚሰጥ ዲፊብሪሌተር ለተቀበረለት ሰው ግን ይህ አይሠራም፤ በአብዛኞቹ ማሽኖች ማግኔቱ ንዝረቱን ብቻ ነው የሚያግደው፣ በጭፍን መተኮስ አያስጀምርም። የቀደመ ካርዳቸው ታይቶ ፔስሜከር ብቻ መሆኑ ተረጋግጦ ማግኔቱ ተቀመጠ። ስፓይኮቹ ወዲያው መስመር ይዘው መጡ። "እማማ፣ እስቲ ነጠላዎን እንደቅድሙ ያጣፉት" ተባሉ፤ ሐኪሙ ጣቱን ከምታቸው ላይ ሳያነሣ። ምቱ ቀጠለ። ስለዚህ ጥፋቱ ማዳመጡ ላይ ነው። ግን እጃቸው ከፍ ባለበት አንዲት ስፓይክ ያለ ምት አለፈች። ይህቺ አንዷ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አስጊ ናት፤ ሽቦው የውሸት ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ማድረስም እየተሳነው ነውና።

ማግኔቱ በፕላስተር ተጠብቆ፣ የውጭ ፔስሜከር ትልልቆቹ ንጣፎች ደረትና ጀርባቸው ላይ ተለጥፈው ፕሮግራመሩ እስኪመጣ ተጠበቀ። ሲመጣ የሽቦው የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ እጃቸው ወርዶ 540 ኦም፣ በብዙ ሽቦ ዘንድ የተለመደ መጠን፣ እጃቸው ሲነሣ ከ2500 በላይ አሳየ። ሽቦ ሲበጠስ ቁጥሩ ይወጣል፤ የላይኛው ሽፋን ተልጦ ኤሌክትሪክ ቢፈስ ኖሮ ይወርድ ነበር። ቁጭ ብለው አንዴ ብቻ ቢለኩ ኖሮ ማሽኑ ጤነኛ ተብለው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። የደረት ራጅ ላይ መሰበሩ የት እንደሆነ ታየ፦ ሽቦው በመጀመሪያው የጎን አጥንትና ከሱ በላይ ባለው የአንገት ሥር አጥንት መካከል በሚሾልክበት ጠባብ ቦታ። ክንድ በተነሣ ቁጥር ሁለቱ አጥንቶች እንደ መቀስ ይጫኑታል።

"ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ጆሮውን ማደንቆር አይበቃም?" የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። አይበቃም። ጫጫታው ከልብ ምት ጋር እኩል ከሆነ ሁለቱን የሚለይ ቁጥር የለም፤ ቢኖርም የተሰበረ ክር አይጠገንም። ማሽኑ VOO በሚባለው፣ ሳያዳምጥ በሚተኩስበት አሠራር ላይ ተደረገ፣ በቀኝ አንገት ደም ሥር ጊዜያዊ ሽቦ ገባ፣ አዲሱ ቋሚ ሽቦ ቀጠሮ ተያዘለት።

የመጨረሻ ልጃቸው፣ ፊቱ ከሌሊት ጥበቃ የገረጣ፣ ሐኪሙን ጠየቀው፦ "ዶክተር፣ ማሽኑ ነው የሚጥላቸው ማለት ነው። ቢወጣላቸውስ? ጎናቸው የተኙት አባት እኮ 42 ነው የሚመታላቸው፣ ምንም አልተደረገላቸውም።"

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው ቁጥሩ ላይ አይደለም። የጎረቤታቸው 42 የሚነሣው ልብ በተፈጥሮ ከምትነሣበት ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ፒ ሞገድ ምት ያስከትላል፣ እሳቸውም ለደም ግፊት አቴኖሎል የሚባል፣ የልብ ምትንም የሚያዘገይ መድኃኒት ይወስዳሉ። እንዲህ ያለው ዝግታ ፔስሜከር የሚያስፈልገው ራስ ማዞር፣ መውደቅ ወይም አቅም ማጣት ሲያመጣና ያመጣውም እሱ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ መድኃኒት ወይም የታይሮይድ ማነስ አለመሆኑም ሲታወቅ ነው። ከዚህ በታች ከወረደ ይቀበር የሚባል ቁጥር የለም። ስፖርተኛ ተኝቶ 35 ሊመታ ይችላል።

የእማማ ግን የስድስት ዓመት በፊት ኢሲጂ ከመዝገቡ ወጣ፦ ላይኛው ክፍል 85፣ ታችኛው 32፣ ሁለቱም በየራሳቸው። ሙሉ መቋረጥ ይባላል። ሰፋፊዎቹ 32 ምቶች ከታችኛው ክፍል ጡንቻ የሚመነጩ፣ በማንኛውም ሰዓት ቆም ሊሉ የሚችሉ ምቶች ናቸው። ለዚህ ሊመለስ የሚችል ምክንያት፣ ለምሳሌ የፖታሲየም መብዛት፣ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ወይም ገና የተከሰተ የልብ ደም ሥር መዘጋት ከሌለ፣ ሰውየው ባይወድቅም ፔስሜከር ይቀበራል። ሞቢትዝ ሁለት የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ከፒ ሞገዱ እስከ ምቱ ያለው ርቀት ሳይለወጥ ይቆይና በድንገት አንድ ምት ይቀራል። ርቀቱ በየምቱ እየረዘመ ሄዶ አንድ ምት ሲቀር ግን ሞቢትዝ አንድ ነው፤ ሕመም ካላመጣ በአብዛኛው ይጠበቃል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ርቀት መለኪያ መሣሪያ ወይም የወረቀት ጠርዝ ላይ የተሠራ የብዕር ምልክት ብቻ ነው።

"ስለዚህ ማሽኑን ብናወጣ" አለው ሐኪሙ፣ "እናትህ የሚቀራቸው ያ 32 ነው። እሱም አሁን የሚኖር አይመስልም፤ ዛሬ በ4.4 ሰከንድ ውስጥ አንድም ጊዜ አልመጣም።"

አዲሱ ሽቦ በዚያው በግራ በኩል፣ ግን ከአጥንቶቹ መካከል ውጭ ባለው በክንድ ሥር በሚመጣው ደም ሥር ገባ። አሮጌው መጎተቱ አደጋ ስላለው ጫፉ ተሸፍኖ በቦታው ቀረ። ማሽኑ ወደ VVI ተመለሰ፣ ጊዜያዊው ሽቦ ወጣ። በማግስቱ ፕሮግራመሩ እየታየ ግራ ክንዳቸውን ወደፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ተቃራኒው ትከሻ እንዲያነሡ ተጠየቁ፤ ቁጥሩ ከ600 ኦም ሳይርቅ ቆየ፣ መስመሩ ላይ ጫጫታ አልታየም። ለጊዜው ክንዳቸውን ከትከሻ በላይ እንዳያነሡ ስለተነገራቸው ከክፍሉ ሲወጡ ነጠላቸውን ያጣፋችላቸው ሲስተሯ ነበረች።