ሳክስ ብቻ ለወሰደ በሽተኛ ኒዮስቲግሚን ያልሰጠሁበት ምክንያት

ከቡሬ ዙሪያ የመጣ ገበሬ ነው፤ አንጀቱ ተጠማዞ ሆዱ ተነፍቷል። ትውከት ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቱቦውን ቶሎ ማስገባት ነበረብኝ። ክብደቱ 50 ኪሎ ስለነበር ከማደንዘዣው ከኬታሚን ቀጥሎ ሳክስ የምንለውን፣ ጡንቻን ቶሎ የሚያዝለውን ሱክሳሜቶኒየም 75 ሚሊግራም ሰጠሁት። ጡንቻዎቹ ተርገበገቡ፣ ከዚያ ዛሉ፤ ቱቦው ገባ።

ሳክሱ ለቆት ትንፋሹ ብቅ ሳይል ጡንቻን ለረዘመ ጊዜ የሚያዝለውን ቬኩሮኒየም አልጨምርም። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ ሰው ግን አንጀቱ ተፈትቶ ሆዱ ተሰፍቶ እስኪዘጋ ድረስ አልተነፈሰም፤ ቬኩሮኒየምም አላስፈለገውም።

አብራኝ የነበረችው ጀማሪ ባለሙያ የዛለ ጡንቻን ለመመለስ የሚሰጠውን ኒዮስቲግሚን 2.5 ሚሊግራም ከአትሮፒን ጋር አዘጋጅታ "ጋሼ፣ ልስጠው?" አለችኝ።

"ምንድን ነው የሰጠነው?"

"ሳክስ ብቻ" አለች፤ ወዲያው መርፌውን አስቀመጠችው።

ቬኩሮኒየም የጡንቻውን ተቀባይ ይይዛል እንጂ አያነቃውም። ከነርቭ የሚወጣው አሴቲልኮሊን ቦታ ያጣል፤ ጡንቻው ይዝላል። ኒዮስቲግሚን አሴቲልኮሊንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ሲገታ አሴቲልኮሊን ይበዛና ቬኩሮኒየምን ይገፋዋል። ያም ቢሆን ጡንቻው በራሱ መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው የሚሠራው።

ሳክስ ግን ራሱ እንደ አሴቲልኮሊን ተቀባዩን ያነቃና አልለቅ ይላል፤ መርገብገቡም የመጣው ከዚህ ነው። ጡንቻው እንደተነቃ ስለሚቆይ ለአዲስ ትእዛዝ አይመልስም። እዚህ ላይ አሴቲልኮሊን ብናበዛ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። የባሰው ደግሞ ሳክስን በደም ውስጥ የሚሰብረውን ኢንዛይምም ኒዮስቲግሚን ይገታዋል። ሳክስ ረጅም ጊዜ ሲቆይ የእገዳው ባሕርይ ሊለወጥና ቬኩሮኒየምን ሊመስል ይችላል፤ ይህን የሚለየው የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ ነው። እኛ ጋ የለም፤ በግምት ደግሞ ኒዮስቲግሚን አልሰጥም።

ስለዚህ በማሽን ማስተንፈሱን ቀጠልን። የሚያስተኛውን ጋዝ፣ ሃሎቴኑን፣ ዝቅ አድርጌ አላቋረጥኩትም፤ ጡንቻው ታስሮ አእምሮው ቢነቃ ሰቆቃ ነው። ተረኛው ሐኪም ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥም ጠበቅን። መጀመሪያ ድያፍራሙ ተንቀሳቀሰ፣ ቆይቶ እጄን ጨበጠ። ራሱን ቀና አድርጎ 5 ሰከንድ ሲይዝ ቱቦውን አወጣሁ።

ውጭ የነበረውን ወንድሙን ጠየቅሁት። "በቆሎው ላይ መድኃኒት ሲረጭ ነው የሰነበተው፤ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ" አለኝ። ብዙ ፀረ ተባዮች ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው፤ የሚገቱትም ኒዮስቲግሚን የሚገታቸውን ኢንዛይሞች ነው። የመመረዝ ምልክት ሳይታይ የደሙ ኢንዛይም ብቻ ሊወርድ ይችላል። በዘር የሚመጣ የኢንዛይም ጉድለትም ይኖራል፤ የምንለካበት ላቦራቶሪ ስለሌለን ሁለቱንም ጠረጠርኩ። አሁን በርጭት ወራት ለሚመጣ ገበሬ ሁሉ ጥያቄው ከሳክሱ በፊት ነው የሚመጣው። ለወንድሙም ሳክስ ለዚህ ሰው እንዳይሰጥ፣ የቤተሰቡ አባላትም ከቀዶ ሕክምና በፊት ይህን እንዲናገሩ በካርዱ ላይ ጽፌ ሰጠሁት።