የወጪ ይተካልኝ ጥያቄን የማይቀበል ረጅም ደብዳቤ እንዴት እንዳስተካከልኩ

በምሠራበት ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ፣ ለሠራተኞች የሚጻፉ የወጪ ይተካልኝ መልሶች ከመፈረማቸው በፊት በእኔ እጅ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሁለት ገጽ የሞላ ረቂቅ ቀረበልኝ። ለሥልጠና ወደ ባሕር ዳር ተልካ አራት ሌሊት ያደረች የመስክ ባለሙያ በድምሩ 15,600 ብር ጠይቃ ነበር፤ ለአልጋ 8,800፣ ለምግብና ለመስተንግዶ 4,300፣ ከባሕር ዳር መራዊ ደርሶ መልስ ለኮንትራት መኪና ደግሞ 2,500 ብር። ረቂቁ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ጀምሮ የማመልከቻውን ቀን፣ የተመራበትን ክፍልና ስለ ሂሳብ አወራረድ ቀደም ሲል የወጡትን ማስታወሻዎች ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ ምግቡና ትራንስፖርቱ እንደማይከፈሉ የሚናገረው በሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ነበር። አልጋው እንደተፈቀደ የሚገልጸው ሐረግ ከዚያም በታች ተቀብሯል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ደብዳቤውን ትቼ ደረሰኞቹን በጠረጴዛ ላይ መደርደርና ከእያንዳንዱ ጎን የሚመለከተውን የመመሪያ አንቀጽ መጻፍ ነበር። ያን ጊዜ ረቂቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጣመራቸው ሁለት ክልከላዎች እንደማይመሳሰሉ ታየኝ። መመሪያችን ለመስክ ሠራተኛ የሚከፈለው የውሎ አበል የሠራተኛውን የምግብ ወጪ እንደሚያጠቃልል ይደነግጋል፤ አበሉ ከጉዞው በፊት ስለተከፈለ፣ ደረሰኙ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ምግቡ ሁለተኛ ጊዜ ሊከፈል አይችልም። የመኪናው ወጪ ግን የተፈቀደ ነው፤ የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው። ሾፌሩ የሰጠው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሲሆን፣ መመሪያው ሕጋዊ ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ የቅርብ ኃላፊ በፈረመበት የማረጋገጫ ቅጽ መተካትን ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ገና ክፍት ነው። ሁለቱን «ተቀባይነት አላገኙም» ብሎ መጠቅለል ባለሙያዋ ልታገኘው የምትችለውን ገንዘብ ተስፋ እንድትቆርጥበት ያደርጋል።

ደረሰኞቹን መደርደሩ ሌላም ነገር አወጣ። ከ4,300 ብሩ ውስጥ 1,300 ብር ለሥልጠናው ተሳታፊዎች ለቀረበ ሻይ ቡና የተከፈለ ነበር፤ የተሳታፊዎቹ የፊርማ ዝርዝርም ተያይዟል። ይህ የሠራተኛዋ የራሷ ምግብ ስላልሆነ የአበሉ አንቀጽ አይነካውም። ረቂቁን ያዘጋጀው ባልደረባዬ ደረሰኙ የምግብ ቤት መሆኑን አይቶ ከሌሎቹ ጋር ደምሮት ስለነበር አሳየሁትና አብረን አወጣነው። ረጅሙን ትረካ ብቻ እያሳጠርኩ ቢሆን ኖሮ ይህ የሚታይ አልነበረም፤ አንቀጹና ደረሰኙ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን የማይገጥመው ራሱ ይናገራል።

አዲሱ ደብዳቤ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ከጠየቁት 15,600 ብር ውስጥ 10,100 ብር ተፈቅዷል፤ 3,000 ብር በውሎ አበልዎ ውስጥ የተካተተ በመሆኑ አይከፈልም፤ 2,500 ብር ማስረጃ እስኪሟላ ይቆያል።» ከዚህ በኋላ የአበሉ አንቀጽ ቃል በቃል ሰፍሯል፣ ቀጥሎም አበሉ የተከፈለበት ቀንና የማይከፈሉት ደረሰኞች ቁጥር። አንቀጹን በራሴ አነጋገር ማጠቃለል አልፈለግሁም፤ ሠራተኛዋ መቃወም ብትፈልግ የምትከራከረው ከጽሑፉ ጋር እንጂ ከእኔ አተረጓጎም ጋር መሆን የለበትም። የመጨረሻው አንቀጽ ስለ መኪናው የትኛው ቅጽ፣ በማን ተፈርሞ፣ እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበት ይገልጻል።

አክብሮትን በተመለከተ የጨመርኩት ነገር ጥቂት ነው፤ ያወጣሁት ይበዛል። «በተደጋጋሚ እንደተገለጸው» እና «መመሪያውን ጠንቅቀው እያወቁ» የሚሉት ሐረጎች ወጡ፤ ሁለቱም ስለ ወጪው ሳይሆን ስለ ባለሙያዋ ሐሳብ የሚፈርዱ ናቸው። «እናዝናለን» የሚለውንም አወጣሁት፤ ገንዘብ የሚከለክል ክፍል ሲያዝን ማን ያምነዋል? ከሁሉ የከበደው ግን ግርጌው ላይ የነበረው ግልባጭ ነው። ለሰው ሀብትና ለውስጥ ኦዲት የሚል ስለነበረ፣ ተራ የሂሳብ መልስ የነበረውን ወረቀት የዲሲፕሊን ክስ አስመስሎታል። ወጪውን የሚያወራርደው ሂሳብ ክፍልና ቅጹን የሚፈርመው የቅርብ ኃላፊ ብቻ ግልባጭ እንዲደርሳቸው አደረግሁ።

ባለሙያዋ የተፈረመውን ቅጽ ወሩ ሳይዘጋ አመጣች፣ 2,500 ብሩም ተወራረደላት። ስለ ምግቡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአበሉ መጠን የሚከለስበት ጊዜ አለ ወይ የሚል። እሱን የሚወስነው ማኔጅመንቱ ስለሆነ ጥያቄዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ ነገርኳት።