ድምሩ ልክ መጥቶ የጎደለው 1,000 ብር

የዚያን ቀን ጠዋት ለድንገተኛ ቆጠራ ስንሄድ ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም ብዬ ነበር። ኦዲት ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ፔቲ ካሽ፣ ለትናንሽ ወጪዎች በሳጥን የሚያዘው ጥሬ ገንዘብ፣ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ይመስለኝ ነበር።

ሒሳቡ በእርግጥ ቀላል ነው። ለገንዘብ ያዧ የሚሰጠው መጠን ቋሚ ነው፤ እዚያ 10,000 ብር ነበር። ከሳጥኑ ገንዘብ ሲወጣ በቦታው ቫውቸር ይገባል። ገንዘቡ እያለቀ ሲመጣ ቫውቸሮቹ ለሒሳብ ክፍል ይቀርቡና የወጣው ያህል ብቻ ይተካል። ስለዚህ ሳጥኑ በየትኛውም ሰዓት ቢከፈት፣ ያለው ጥሬ ገንዘብና ገና ያልተተኩት ቫውቸሮች ተደምረው 10,000 መምጣት አለባቸው።

ገንዘብ ያዧ ብዙ ዓመት የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። "ና ልጄ፣ ቁጠር" ብለው ሳጥኑን ከፈቱልኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ ቆጠርኩ። ይሄ ግዴታ ነው፤ ያዡ ዞር ባለበት ከተቆጠረ በኋላ ላይ "ስሰጥህ ሙሉ ነበር" ቢባል መልስ የለህም። ብሩን በየዓይነቱ ለይቼ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። 3,415 ሆነ። ቫውቸሮቹ 14 ናቸው፤ ድምራቸው 6,585። ሁለቱን ስደምር ልክ 10,000። አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ አንድ ሳንቲም አልተረፈም። ደስ አለኝ። የቆጠራውን ቅጽ ሞልቼ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው።

አለቃዬ ቅጹን አይተው ብዕራቸውን አላነሱም። "ፓዱን አይተኸዋል?" አሉኝ።

አላየሁትም ነበር። ለምን እንደማየውም አልገባኝም። ቫውቸሮቹ እጄ ላይ ናቸው፤ ፓዱ ላይ የቀረው የካርቦን ቅጂያቸው ነው። ዋናው ካለ ቅጂው ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

እሳቸው ግን ፓዱን አስመጥተው ከዋናዎቹ ጋር አንድ በአንድ እንዳስተያይ አደረጉኝ። መጀመሪያ ተከታታይ ቁጥሩን አየሁ። የተዘለለ የለም። አንድ የተበላሸ ቫውቸር ነበር፤ እሱም ሳይቀደድ "ተሰርዟል" ተብሎበት ፓዱ ላይ አለ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ከዚያ መጠኑን ማስተያየት ጀመርኩ። ዘጠነኛው ላይ እጄ ቆመ።

የዕቃ ማውረጃ ክፍያ ነው። ዋናው ቫውቸር ላይ 1,260 ይላል። ካርቦኑ ላይ 260።

ዋናውን ደግሜ አየሁት። መጠኑ በፊደል የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ደረሰኝ አልተያያዘም፤ ዕቃ ያወረደ ሰው ደረሰኝ የለውምና የተቀባዩ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። በቁጥር መጻፊያው ላይ ከ2 በፊት አንድ 1 ለመጨመር የሚበቃ ክፍት ቦታ ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን ገልብጠው "በአውራ ጣትህ ዳብሰው" አሉኝ። ዳበስኩት። 2ና 6 የተጻፉበት ቦታ ከጀርባ በኩል ጎበጥ ብሎ ይሰማል። ፓዱ ላይ እያለ፣ ለስላሳ ወረቀት ተነጥፎለት ነው የተጻፈው። የ1ዱ ጀርባ ግን ልሙጥ ነው። ወረቀቱ ከፓዱ ከተቀደደ በኋላ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ነው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። እኔ በትክክል ያጣራሁት አንዱን ወገን ብቻ ነበር። ብሩን በእጄ ቆጥሬዋለሁ። ወረቀቱን ግን ቆጠርኩት እንጂ አልመረመርኩትም፤ የሚለውን አምኜ ደመርኩት። ከሳጥን 1,000 ብር ቢጎድልና አንድ ቫውቸር ላይ 1,000 ቢጨመር ድምሩ ያው 10,000 ነው። ድምሩ ወረቀቱ እውነት መሆኑን አይነግርህም። እውነተኛው ሒሳብ 3,415 ሲደመር 5,585፣ ማለትም 9,000 ነበር።

አለቃዬ ድምፃቸውን ሳያነሱ ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ብዙም አልተከራከሩም። ከወር በፊት አንድ የሥራ ባልደረባቸው "ደመወዝ ሲወጣ እመልሳለሁ" ብሎ 1,000 ብር ወስዷል። ወረቀት አልተጻፈም። ደመወዝ ወጣ፣ ሰውየው ዛሬ ነገ አለ። በዚያ መሀል ሳጥኑ የሚተካበት ቀን ደረሰና ጨነቃቸው። "ሲመልስልኝ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው" አሉ፣ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ። አመንኳቸው። አሁንም አምናቸዋለሁ። ግን ቫውቸሩ በዚያው ቢተካ ኖሮ ድርጅቱ ያንን 1,000 ብር የዕቃ ማውረጃ ወጪ ብሎ ይመዘግበው ነበር። ሰውየው በኋላ ቢመልስ እንኳ ብሩ የሚገባበት ቦታ አይኖረውም፤ ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ትርፍ ደግሞ ያለ ባለቤት የሚቀመጥ ገንዘብ ስለሆነ ከጉድለት እኩል ያሳስበኛል።

ካርቦኑም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። 1,260ው ከመጀመሪያው ፓዱ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ካርቦኑም 1,260 ይል ነበር። ያኔ የሚቀረው ደረሰኙን ማየት ነው፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ክፍያውን የፈቀደውንና የተቀበለውን ሰው መጠየቅ። ስለዚህ ደረሰኝ የሌላቸውን ቫውቸሮች ለይቼ አወጣሁ። ሦስት ነበሩ። ሦስቱንም ይዤ የፈቀዱት ኃላፊ ጋ ሄድኩ። የዕቃ ማውረጃውን ሲያዩ "እኔ የፈረምኩት ሁለት መቶ ምናምን ላይ ነው" አሉ ወዲያው። ሁለቱ ልክ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ብሩን የወሰደው ሰው ወሬው ደርሶት 1,000 ብሩን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ተቀብለው ሳጥኑ ውስጥ ሊጨምሩት ሲሉ አለቃዬ አስቆሟቸው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብሩ ከገባና 10,000ው ከሞላ ምን ቀረ ብዬ አስቤ ነበር። አለቃዬ እንዲህ አሉኝ፦ "ስንቆጥር ያልነበረ ብር ቆጠራው ውስጥ አይገባም።"

የመጀመሪያውን ቅጽ ሰርዘን፣ አዲስ ሞልተን፣ ሁለቱንም አያይዘን አስቀመጥን። አዲሱ ላይ ጥሬ ገንዘብ 3,415፣ ቫውቸር 5,585፣ ጉድለት 1,000 ብዬ ጻፍኩ። ቀንና ሰዓቱን ሞላሁ፤ የፓዱን የመጨረሻ ቁጥርም ጨመርኩ። የተመለሰው ብር በዚያው ቀን ለብቻው የገቢ ደረሰኝ ተቆርጦለት ለዋናው ገንዘብ ቤት ገባ።

ሴትዮዋ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከእኔ ስም ሥር ፈረሙና ብዕሩን መለሱልኝ።